ለሄለን፦ ስለ ሲኒየር አካውንታንቱ ቦታ

ጥር 21 ቀን 2018

ሰላም ሄሉ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ለገና የላክሽልኝን መልእክት ሳልመልስ ጥምቀትም መጥቶ አለፈ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ለሰላምታ ብቻ ስላልሆነ ጉዳዩን አስቀድሜ ልንገርሽ። መሥሪያ ቤታችሁ ሲኒየር አካውንታንት እንደሚፈልግ ትናንት ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ አየሁ። ልወዳደር ነው። አንቺ ካመንሽበት ስሜን ለፋይናንስ ኃላፊያችሁ ብትጠቁሚልኝ በጣም ደስ ይለኛል። ካላመንሽበት ወይም ካልተመቸሽ ደግሞ ተዪው። ይህን ስልሽ ከልቤ ነው።

ልደውልልሽ ሁለት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ ተውኩት። ስልክ ላይ ሰው ሳያስበው «እሺ» ይላል። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፤ ፊት ለፊት የጠየቀሽን ሰው እምቢ ማለት አይሆንልሽም። ሜክሲኮ አብረን በምንሠራበት ጊዜ በይሉኝታ የሰው ሥራ ይዘሽ ስንት ቀን አምሽተሻል። እኔም አንድ ሁለቴ ካስመሹሽ ሰዎች አንዷ ነኝ። በጽሑፍ ያደረግኩት ለዚህ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንብቢው፣ አሳድሪው፣ ከዚያ የመሰለሽን አድርጊ።

አንቺ እዚያ ቤት አራት ዓመት ሠርተሽ ስም አውጥተሻል። ያንን ስም ለእኔ ስትይ እንድታስይዢ አልፈልግም። «በሰው ገባች» የሚባለው ነገር ለገባውም ላስገባውም ጥሩ እንዳልሆነ ሁለታችንም አይተናል። ስለዚህ ቅጠሩልኝ እንድትዪ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ ያየሽውን እንድትናገሪ ብቻ ነው፤ አብረን ከ2010 እስከ 2014 የሠራነውን።

ያየሽው ውስጥ ጥሩውም መጥፎውም አለ። በ2012 ቃሊቲ መጋዘን ቆጠራ ላይ የፊልትሩን ካርቶን እንደ አንድ ፍሬ መዝግቤ፣ ስቶኩ ከፒችትሪው ጋር አልገናኝ ብሎ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ያመሸንበትን አልረሳሁትም። ስህተቱን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ ቆጠራ ሁሉ በሁለት ሰው፣ በሁለት የተለያየ ወረቀት እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የሚሠራው። ኃላፊሽ «ድክመቷ ምንድነው?» ብሎ ከጠየቀሽ ይህንኑ ንገሪው። አልከፋም፣ እውነት ነዋ።

አንቺ ከወጣሽ በኋላ የሠራሁትን ግን አላየሽውም፤ ስለዚህ ለእሱ ቃል እንድትሰጪልኝ አልፈልግም። እኔ ራሴ ቃለ መጠይቅ ላይ አስረዳዋለሁ። ለአንቺ እንዲያው ወሬውን ልንገርሽ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ይወሰን ሲባል እኛ የሰኔ 30ን መዝጊያ ገና እየሠራን ነበር። የውጭ አቅራቢዎች ዕዳ በዶላር ተቀምጧል። ሂሳቡ የሚዘጋው ሰኔ 30 በነበረው ምንዛሪ ነው፣ ወደ 57 ብር ገደማ። ግን ከሰኔ 30 በኋላ በ22ኛው ቀን ሁሉም ነገር ተገለበጠ፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ገባ። ባለቤቱ «አዲሱን ምንዛሪ አስገቡና ኪሳራውን ዘንድሮ ያዙት» አሉ። አይሆንም አልኩ። በአይኤፍአርኤስ ከሂሳብ መዝጊያው ቀን በኋላ የተፈጠረ ነገር ስለሆነ ቁጥሩን አንነካም፣ በማብራሪያ እንገልጸዋለን፣ ኪሳራው የ2017 ነው ብዬ ኤልሲዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ማብራሪያውን ጻፍኩ። ኦዲተሮቹም ተቀበሉት። ያን ሰሞን በጣም ናፍቀሽኝ ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ ሆነሽ «አዎ፣ ልክ ነሽ» እንድትዪኝ ፈልጌ ነበር።

ለምን ልትወጪ ነው ካልሽኝ፣ ተጣልቼ አይደለም። ስምንት ዓመት ሆነኝ። ከእኔ በላይ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሚለቀቅ አይመስልም። ማስታወቂያችሁ ላይ ያየሁት የፋብሪካ ሥራ፣ በተለይ የምርት ወጪ ስሌቱ፣ ልማረው የምፈልገው ነገር ነው። ኮስት አካውንቲንግ በተግባር እንዳልሠራሁ አውቃለሁ። ማመልከቻዬ ላይም እንደሠራሁ አድርጌ አልጻፍኩም።

አሁን ለአንቺ ቀላል እንዲሆንልሽ ብዬ ያሰብኩትን ልንገርሽ።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ጥር 29 ነው። እኔ ማክሰኞ ጥር 26 በራሴ አስገባለሁ፤ አንቺ ጠቆምሽም አልጠቆምሽም አስገባለሁ። ስለዚህ ዕድሌ በአንቺ እጅ ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ። ልትጠቁሚኝ ከፈለግሽ ከዚያ በፊት «እሺ» ብለሽ ጻፊልኝ፣ ሲቪዬን እልክልሻለሁ። እስከ ማክሰኞ ምንም ካልጻፍሽልኝ እንዳልተመቸሽ ይገባኛል። ምክንያት መፈለግ፣ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግሽም። ደግሜም አልጠይቅሽም።

ምናልባት እናንተ ቤት ሠራተኛ ሰው መጠቆም አይፈቀድለት ይሆናል። ወይም ለቦታው ከውስጥ የታሰበ ሰው ይኖራል። ወይም ደግሞ አንቺው ራስሽ ልትወዳደሪበት አስበሽ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ለእኔ መንገር ሁሉ የለብሽም።

ከመጠቆም ይልቅ የሚቀልሽ ሌላ ነገር ካለ ደግሞ እሱም ትልቅ ውለታ ነው። ለምሳሌ ፒችትሪ ነው የምትጠቀሙት ወይስ ሌላ ሲስተም? ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ለእኔ ዓይነት ሰው የሚሆን ቤት ነው? ይህን ብቻ በሁለት መስመር ብትነግሪኝ ይበቃኛል። «ሰናይት፣ ይቅርብሽ፣ ለአንቺ አይሆንም» ካልሽኝም አምንሻለሁ።

ልትጠቁሚኝ ከወሰንሽ ምን ብዬ ልጻፍ ብለሽ እንዳትቸገሪ ይህችን አዘጋጅቻለሁ። እንደፈለግሽ ቀንሺ፣ ለውጪ፦

«ሰናይት ከ2010 እስከ 2014 አብራኝ ሠርታለች። የባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ የየወሩ ቫትና የዓመት መዝጊያ በእጇ ነበር። ለሲኒየር አካውንታንቱ ቦታ አመልክታለች። ማመልከቻዋ ሲደርሳችሁ ብታዩት ብዬ ነው።»

«ምርጥ ናት» ምናምን አላልኩበትም። እሱን የምትጨምሪው አንቺ ነሽ፣ ካመንሽበት።

እሑድ የካቲት 1 የመሠረት ሠርግ ላይ መገናኘታችን አይቀርም። እዚያ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አላነሳም፣ አንቺም እንዳታነሺው። ሰው በተሰበሰበበት እኔን ስታዪ ያ ነገር ትዝ ብሎሽ እንድትሳቀቂ አልፈልግም። እንደ ድሮው አንድ ጠረጴዛ ይዘን እንበላለን፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል እንላለን። ልጆቹን ይዘሻቸው ነይ፣ ካየኋቸው ቆየሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ያንቺው
ሰናይት