«እጅና ውሃ»፡ በጣና ዳር በቁመት የሚቀረጽ የአጫጭር ቪዲዮዎች ተከታታይ ዕቅድ

ይህ ሰነድ «እጅና ውሃ» ብለን የሰየምነውን ተከታታይ ከመጀመሪያው ቀረጻ እስከ መጨረሻው ስርጭት የምንመራበት ዕቅድ ነው። የተጻፈውም ለአራቱ የሥራ ባልደረቦች ማለትም ለቀራጯ፣ ለአርታኢው፣ ድምፅና ጽሑፍ ለሚያዘጋጀው እንዲሁም ከባለሙያዎችና ከየቦታው አለቆች ጋር ለምትነጋገረው አስተባባሪ ነው። ተከታታዩ አሥራ ሁለት ክፍሎች ሲኖሩት እያንዳንዱ ክፍል 45 ሴኮንድ ይረዝማል። በእያንዳንዱ ክፍል በባሕር ዳር ወይም በሐይቁ ዙሪያ የሚኖር አንድ ባለሙያ አንድ የእጅ ሥራ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሲሠራ ይታያል።

ስለ ጣና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀቀው አብዛኛው ቪዲዮ ውሃውንና የፀሐይ መጥለቂያውን የሚያሳይ ነው። ውበቱ አይካድም፤ ነገር ግን ተመልካቹ አንዱን አይቶ ሌላውን የሚጠብቅበት ምክንያት አይሰጠውም። እኛ ሐይቁን የምናሳየው በእሱ በሚኖሩ ሰዎች እጅ በኩል ነው። ተመልካቹ ክፍሉ ሲጀምር ምን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚያልቅና ቀጣዩ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ እንዲያውቅ እንፈልጋለን። ስለዚህ የክፍሉ አወቃቀርም ሆነ የስርጭቱ ቀን ለአሥራ ሁለቱም ክፍሎች አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የሚለዋወጠው ባለሙያውና ሥራው ብቻ ነው።

የክፍሉ አወቃቀር

እያንዳንዱ ክፍል አምስት ቦታ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴኮንዶች ያለ ሰላምታ፣ ያለ አርማና ያለ መግቢያ ሙዚቃ በቀጥታ በሥራ ላይ ባለ እጅ ይጀምራሉ፤ ከምስሉ ጋር ተመልካቹ መልሱን ለማወቅ የሚጓጓበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሴኮንድ ባለሙያው ፊቱን ያሳያል፤ ቦታውም በጽሑፍ ይገለጻል። ከስምንተኛው እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ሴኮንድ ሥራው በሦስት እርምጃዎች ይታያል፤ ከሦስት በላይ እርምጃ ያለው ሥራ እንኳ ቢሆን ዋና ዋናዎቹ ሦስቱ ብቻ ይመረጣሉ። ከሠላሳ ሦስተኛው እስከ አርባ አንደኛው ሴኮንድ «ቁልፉ» ብለን የምንጠራው ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ባለሙያው በራሱ አንደበት ሥራው የሚበላሸው የት ላይ እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻዎቹ አራት ሴኮንዶች ያለቀውን ሥራ በጥቅም ላይ ሲውል ያሳዩና የቀጣዩን ክፍል ቀንና ርእስ በአንድ መስመር ያስታውቃሉ።

ከአምስቱ ሁሉ የምንሳሳለት ቁልፉ ነው። እርምጃዎቹን ማንም ቆሞ ቢመለከት ያያቸዋል፤ የሚበላሽበትን ቦታ ግን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የሠራው ሰው ብቻ ነው። አስተባባሪዋ ከቀረጻው በፊት ከባለሙያው ጋር ስትነጋገር ይህን አንድ ነገር ሳታገኝ የቀረጻ ቀን አትቆርጥም። ጽሑፍ አዘጋጁም የቁልፉን ቃል በራሱ ቋንቋ አያሳምረውም፤ ባለሙያው እንደተናገረው ይቀመጣል።

የክፍል አንድ ሙሉ ጽሑፍ እነሆ፤ ሌሎቹም በዚሁ መልክ ይዘጋጃሉ።

0–3፦ ሁለት እጆች የደንገል እስር በገመድ ሲያጠብቁ በቅርበት ይታያል፤ የገመዱ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ በግልጽ ይሰማል። ተራኪ፦ «ይህ ደንገል ሰው ተሸክሞ ጣና ላይ ይንሳፈፋል። እንዴት?»

3–8፦ ባለሙያው ቀና ብለው ካሜራውን ያያሉ። ተራኪ፦ «ጋሼ ታንኳ መሥራት የተማሩት ከአባታቸው ነው።» በጽሑፍ፦ «ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር»።

8–33፦ ደንገሉ በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል፤ ተራኪ፦ «መጀመሪያ ታጭዶ ይደርቃል።» ቀጥሎ በወፍራም እስሮች ይደራጃል፤ «ሁለተኛ በእስር በእስር ይታሰራል፤ ወፍራሙ እስር ከሥር ሆኖ ታንኳውን ያንሳፍፋል።» በመጨረሻ ፊቱ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ «ሦስተኛ አፍንጫው ሽቅብ ይታጠፋል፤ ማዕበሉን የሚከፍለው እሱ ነው።»

33–41፦ ባለሙያው ራሳቸው፦ «እርጥቡን ካሰርኸው ሲደርቅ ይኮማተርና እስሩ ይላላብሃል። አየህ፣ መቸኮል ያለበት አጫጁ ነው እንጂ አሳሪው አይደለም።»

41–45፦ ታንኳው ውሃ ላይ ይወርዳል፤ መቅዘፊያው ሲነክር ይሰማል። በጽሑፍ፦ «ዓርብ፦ የተቀደደ መረብ እንዴት ይጠገናል?»

ተራኪው በአንድ ክፍል ከ60 ቃላት በላይ እንዲናገር አይፈቀድም። የሥራው የራሱ ድምፅ እንዲሰማ ቦታ ያስፈልጋል፤ ከኋላ የሚገባ ሙዚቃም አይኖርም።

የክፍሎቹ ቅደም ተከተል

ታንኳና መረብ ይቀድማሉ፤ ሦስተኛው ቀረሶ የተባለውን ዓሣ በቢላ መክፈትና ፊሌቶ ማውጣት ነው። ይህ ክፍል የግድ ከኅዳር 15 በፊት መለቀቅ አለበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ከአስተያየት መስጫው ላይ ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ጾም ክርክር ይነሣል። ከዚያ የጀልባ ሞተር ጥገና፣ የሸክላ ሥራና የሰፌድ ስፌት ይከተላሉ። ሰባተኛው የዘጌ ቡና ለቀማ ነው። በዘጌ መሬት ማረስ በጥንት ወግ የተከለከለ በመሆኑ ቡናው በደን ጥላ ሥር እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ ይህም በተራኪው ሊነገር የሚገባው ነው። ስምንተኛው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የግድግዳ ሥዕል ሲሆን፣ የሚቀረጸው ሥዕሉን የሚጠብቁትና የሚያስረዱት አባት ናቸው። ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ያልመረጥነው ሴት ስለማይገባባቸውና ቀራጫችን ሴት ስለሆነች ነው፤ በዚህ ምክንያት ቀራጭ መቀየር አንፈልግም። የሸማ ሥራ፣ የቆዳ ሥራና የእንጨት ጀልባ ግንባታ ተከትለው ይመጣሉ።

የመጨረሻው ክፍል እምቦጭን በእጅ ስለሚነቅሉ ገበሬዎች ነው። አረሙ በጣና ላይ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ሲሆን ከዚያ ወዲህ የዳርቻው ነዋሪ በወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል ኖሯል። ለቅሶ የሞላበት ዘገባ እንዲሆን አንፈልግም፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የሚታየው ሥራው ነው፤ ቁልፉም ሥሩ እንዳይበጠስ እንዴት እንደሚያዝ ይሆናል።

በክረምት ከወንዞች አፍ የተወሰደ የዓሣ ማጥመድ ምስል በምንም ክፍል አይገባም። የጣና ትልልቅ የባርበስ ዓሦች በዝናቡ ወራት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ የመሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያ ጊዜ መረብ መጣሉን የሚያሞግስ የሚመስል ምስል ዘራቸውን ለማጥፋት መተባበር ነው።

ቀረጻ

ምስሉ 9:16፣ 1080 በ1920 ፒክሰል፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ይሆናል። 25ን የመረጥነው የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነና በአምፖል ብርሃን በሚሠራባቸው ቤቶች፣ ሹተሩ 1/50 ሲሆን፣ ምስሉ እንዳይርገበገብ ስለሚረዳ ነው። ከስክሪኑ ታችኛው ክፍልና ከቀኝ ጠርዝ ላይ የመተግበሪያው ጽሑፍና ቁልፎች ስለሚያርፉ እጅም ሆነ ጽሑፍ እዚያ አይቀመጥም፤ የሥራው እምብርት ከመካከል ትንሽ ከፍ ብሎ ይያዛል። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ እያንዳንዱ የተነገረ ቃል በአማርኛ ከምስሉ ላይ ይጻፋል፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥም።

የውጭ ቀረጻ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይጠነክራል፤ ወደ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ጀልባውን፣ ነፋሱም ድምፁን ያበላሻሉ። አንገትጌ ላይ የሚቆነጠጠው ማይክ የነፋስ መከላከያ ፀጉሩን ሳይለብስ ወደ ውሃ አይወጣም። ድሮን አንጠቀምም፤ ፈቃዱን ከመጠየቅ ጋር የሚሄደው ጊዜ ከምናገኘው ምስል ጋር አይመጣጠንም፤ የሚያስፈልገንም የእጅ ቅርበት ነው።

የቀረጻው ቀን ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ባለሙያዎቹ የሠሩትን ይዘው ይወጣሉ፤ እሑድም የሰንበት ቀን ነው። ሐሙሱ በወር በ12፣ በ21 ወይም በሌላ ሥራ በማይሠራበት በዓል ላይ ከዋለ አስተባባሪዋ ወደ ረቡዕ ታመጣዋለች። በተለይ የኅዳር ሚካኤልና የኅዳር 21 ጽዮን ሳይታሰቡ እንዳይደርሱብን ከአሁኑ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይከበቡ።

የስርጭት ምት

ክፍሎቹ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ከምሽቱ 1:30 ላይ በቲክቶክ፣ በዩቲዩብ ሾርትስና በፌስቡክ ይለቀቃሉ፤ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይከተላሉ። ለእያንዳንዱ የሚጫነው ከአርታኢው የወጣው ንጹሕ ፋይል ነው፤ ከአንዱ መተግበሪያ ወርዶ የሌላውን አርማ የያዘ ፋይል አይለጠፍም። የፋይል ስሙ `EW01_FINAL.mp4` በሚል መልክ ይሆናል፤ ቁጥሩ የክፍሉ ቁጥር ነው።

ስርጭቱ የሚጀምረው በጥቅምት ሦስተኛው ሳምንት ሲሆን ከዚያ በፊት ስድስት ክፍሎች ሙሉ በሙሉ አልቀው በእጃችን መኖር አለባቸው። በየሐሙሱ ሁለት ክፍል ስለምንቀርጽ ሦስት ሐሙስ ይበቃል። ይህን ቅድመ ሁኔታ ማንም እንዲያላላው አልፈልግም። መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይቆማል፤ ባለሙያ ለቅሶ ይደርስበታል፤ ተመልካቹ ግን ማክሰኞ ማታ ሲከፍት ክፍሉን ማግኘት አለበት። የማክሰኞው ክፍል ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት፣ የዓርቡም ሐሙስ በተመሳሳይ ሰዓት ተጭኖ ቀጠሮ ይያዝለታል። ያለቁት ክፍሎች ከሁለት በታች ከወረዱ ስርጭቱ ወደ ዓርብ ብቻ ይቀነሳል፤ ይህም በዚያው ዕለት ለተመልካች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ያላለቀ ክፍል ቀኑን ለመሙላት ተብሎ አይለቀቅም።

ከለቀቅን በኋላ ባለው የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ተራኪው አስተያየቶችን ያነባል፤ ስለ ሥራው ለሚጠየቅ ጥያቄ ባለሙያውን በስልክ ጠይቆ ይመልሳል። በታንኳ ሥራ የሚታወቀውን የወይጦ ማኅበረሰብ ወይም ሌላ ባለሙያን የሚያንቋሽሽ ቃል ከተጻፈ ያለ ክርክር ይሰረዛል።

ከስድስተኛው ክፍል በኋላ አራታችን ተቀምጠን የምናየው ዋና ቁጥር የተመልካች ብዛት ሳይሆን ሰው ክፍሉን ስንተኛው ሴኮንድ ላይ ጥሎ እንደሚወጣ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴኮንዶች ከወጡ የመክፈቻው ዓረፍተ ነገርና ምስል ይቀየራሉ፤ በመካከል ከወጡ ከሦስቱ እርምጃዎች አንዱ ያጥራል። ቁልፉና የስርጭቱ ቀን ግን እስከ አሥራ ሁለተኛው ክፍል አይነኩም።

ፈቃድና ክፍያ

እያንዳንዱ ባለሙያ ከቀረጻው በፊት ቪዲዮው የት እንደሚወጣ በቃል ይነገረዋል፤ ከተስማማ በአንድ ገጽ ወረቀት ይፈርማል፤ መፈረም ለማይችል በሁለት ምስክሮች ፊት አሻራ ይወሰዳል። በገዳማት የአለቃው ፈቃድ ይቀድማል፤ ወደ መቅደሱ ካሜራ አይዞርም። ለባለሙያው የግማሽ ቀን ሥራው ዋጋ በዚያው ጠዋት በእጁ ይከፈለዋል፤ ያለቀው ክፍልም ከመለቀቁ በፊት ለራሱ ይታያል። ስሙ ወይም ፊቱ እንዳይወጣ ከጠየቀ ክፍሉ በእጆቹ ብቻ ይሠራል፤ ለዚህም ቀራጯ በእያንዳንዱ ቀረጻ ፊት የሌለበት በቂ ምስል ትይዛለች።