ግሽበቱ ቀነሰ፣ ዘንቢሌ ግን አልሞላም

እዚህ ገጽ ላይ ያወጣችሁትን ዜና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» ይላል። እኔ በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሐሜት ማውራት አልፈልግም፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ሰፈራችን ጉሊት ቆምኩ። አንዷ መደብ ሽንኩርት ድሮ ስድስት ፍሬ ነበረች። አሁን አራት ናት፣ ያውም ትናንሽ። «እማማ፣ ምነው አነሰች?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ዋጋ ብጨምር ማን ይገዛኛል? ፍሬ ቀነስኩ» አሉኝ። ከሃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ የሚያመጡት በኩንታል ነው፣ የመኪናውንም ይከፍላሉ። ተናድጄ ነበር የቆምኩት፣ ፊታቸውን ሳይ ግን ንዴቴን በእሳቸው ላይ ማውረድ አልቻልኩም።

እናም ዜናው ያልነገረን አንድ ነገር አለ። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። 100 ብር የነበረ ዕቃ አምና 130 ገባ እንበል። ዘንድሮ 143 ሆነ። የአምናው ጭማሪ 30 በመቶ፣ የዘንድሮው 10 በመቶ ነው። በወረቀት ግሽበቱ በጣም ወርዷል። እኔ ግን ያንኑ ዕቃ በ143 ብር ነው የምገዛው። ደመወዜ ደግሞ እዛው ነው። ቁጥሩን ውሸት ነው አልልም፣ ምክንያቱም ውሸት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። ግን እንዲህ ዘርዝራችሁ ብትጽፉት ግማሹ ሰው «እያሾፉብን ነው» ብሎ ባልተቆጣ ነበር።

ቁጣውማ ይገባኛል። ወር በገባ በሃያኛው ቀን ኪሴ ባዶ ነው። ትንሹ ልጄ ባዶ የውሃ ላስቲክ ይዞ የሃምሳ ብር ዘይት ሲያመጣ ዘይቱ ከላስቲኩ ሥር ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ያንን ላስቲክ ብርሃን ላይ አድርጌ ስንት ቀን እንደሚያደርሰን እገምታለሁ። በዚህ ላይ ሰው «ታገሱ» ሲለኝ ያመኛል።

ግን እዚህ ከዜናው ሥር በአስተያየት የተጻፉ ሁለት ነገሮች ልቤን ከበዱት። አንደኛው «ከነገ ጀምሮ ዘይት ይጠፋል፣ ዛሬውኑ ግዙ» የሚለው ነው። ማን አለ? የት ሰማችሁ? እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ አምኜ ተበድሬ ሦስት ባለ አምስት ሊትር ገዛሁ። በዚያ ምሽት የሰፈሩ ሱቅ ባዶውን አደረ። ያራቆትነው ግን እኛው ነበርን። በሳምንቱ ዘይቱ ገባ፣ የእኔ ብድር ግን ሁለት ወር ፈጀ። ጎረቤቴ ደግሞ ያን ቀን ለልጆቿ ወጥ የምትሠራበት አጥታ እኔ ጋ መጣች። አሁንም አፍራለሁ።

ሁለተኛው «የእነ እገሌ ብሔር ነጋዴዎች ናቸው የሚደብቁት» የሚለው። እባካችሁ ይሄን ተዉት። ዕቃ የሚደብቅ ነጋዴ የለም አላልኩም፣ አለ። የሚደብቀውን ያየ ሰው ቦታውንና ቀኑን ይዞ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያመልክት። ሚዛን የሚያጎድልም እንደዚሁ። አንድ ሕዝብ በጅምላ ሲወቀስ ግን ዕቃ የደበቀው ሰውዬ ይተርፋል፣ ምንም የማያውቀው ባለ ሱቅ ነው የሚጎዳው።

ምክንያቱ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ብዙ ወርዷል። ዘይቱም፣ ነዳጁም፣ ማዳበሪያውም በዶላር ነው የሚገባው። ነዳጅ ሲጨምር ሽንኩርት የሚጭነው መኪናም ይጨምራል፣ የእማማ መደብም ያንሳል። ይሄን ማወቄ እራት አይሆነኝም። ግን የምጠይቀውን አካል ያሳየኛል።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ ጥያቄ አለኝ። የምግብ ዋጋ ለብቻው ስንት ሆነ? የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመር ሰምተናል፣ በግል ድርጅት የምንሠራውስ? በአገራችን ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ይሄን ጠይቁልንና መልሳቸውን እንዳለ አቅርቡልን።

ከነገ ወዲያ የእሁድ ገበያ ነው። ማለዳ ሄጄ የጤፍ፣ የምስር፣ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ ከነቦታው እዚሁ እጽፋለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን፣ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉልኝ።