የበረኛው ምት፦ ኳሷ ምን ያህል ከፍ አለች፣ የትስ አረፈች?

ጥያቄ

አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ አንድ በረኛ ኳሷን ከግብ መስመሩ 5.5 ሜትር ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ በቀጥታ ወደ ተቃራኒው ግብ ጠለዛት። ኳሷ ከእግሩ ስትለይ ፍጥነቷ 25 m/s ነበር፤ አቅጣጫዋም ከመሬቱ ጋር 37° ዘዌ ይሠራል። የሜዳው ርዝመት 105 ሜትር ነው እንበል። የአየር ፍትጊያን ችላ በሉ። g = 10 m/s²፣ sin 37° = 0.6፣ cos 37° = 0.8 ውሰዱ።

ሀ) ኳሷ የምትደርስበት ከፍተኛው ከፍታ ስንት ነው?
ለ) ከተመታችበት ቦታ ስንት ሜትር ርቃ መሬት ትነካለች?
ሐ) የመሐል መስመሩን አልፋ ታርፋለች? ካለፈች በስንት ሜትር?

መፍትሔ

ቀመር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ፍጥነቱን ለሁለት ክፈሉት። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄዎች በሙሉ የሚፈቱት በዚህች አንዲት እርምጃ ነው፤ እርሷን የዘለለ ተማሪ ቀመሩን በቃሉ ቢያውቀውም ይሳሳታል።

```
v0x = 25 × 0.8 = 20 m/s   (አግድም)
v0y = 25 × 0.6 = 15 m/s   (ሽቅብ)
```

ከዚህ በኋላ ያሉን ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ወደ ጎን የሚገፋም የሚይዝም ኃይል ስለሌለ 20ው እስከ መጨረሻው 20 ሆኖ ይቀጥላል። ሽቅቡን ግን የመሬት ስበት በየሰከንዱ 10 m/s ይቀንስበታል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጊዜ ብቻ ነው፤ ኳሷ ወደ ጎን የምትሄደው አየር ላይ እስካለች ድረስ ነውና።

ሀ) 15 m/s በየሰከንዱ 10 እየቀነሰ ዜሮ ለመሆን 1.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከፍታው፦

```
H = v0y² / 2g = 15² / 20 = 225 / 20 = 11.25 m
```

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጫፍ ላይ ዜሮ የሚሆነው ሽቅቡ ፍጥነት ብቻ ነው። ኳሷ አልቆመችም፤ በዚያች ቅጽበትም በ20 m/s ወደ ፊት እየገሰገሰች ነው። ሌላው የተለመደ ስሕተት በ15 ፈንታ 25ን ማስገባት ነው፦ 625 / 20 = 31.25 ሜትር ይመጣል። ይህ ኳሷ ቀጥ ብላ ወደ ሰማይ ብትመታ የምትደርስበት ከፍታ ነው። መልሳችሁ ከዚያ ጋር እኩል ከሆነ ዘዌውን ረስታችኋል ማለት ነው።

ለ) ኳሷ የተነሣችውም ያረፈችውም በአንድ ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ ለመውጣት የፈጀባትን ያህል ለመውረድም ይፈጅባታል። አየር ላይ የቆየችበት ጠቅላላ ጊዜ T = 2 × 1.5 = 3 ሰከንድ ነው።

```
R = v0x × T = 20 × 3 = 60 m
```

በቀመሩ R = v0² sin 2θ / g ብታሰሉትም ያው ነው፤ sin 74° = 2 × 0.6 × 0.8 = 0.96 ሲሆን፣ 625 × 0.96 / 10 = 60። ነገር ግን ይህ ቀመር የሚያገለግለው መነሻውና ማረፊያው እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ኳሷ ከሰገነት ላይ ብትመታ ኖሮ መሳሳታችሁ አይቀርም፤ ጊዜውን ፈልጎ በአግድም ፍጥነት ማባዛት ግን ያን ጊዜም ይሠራል። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ሐ) የመሐል መስመሩ ከግብ መስመሩ 52.5 ሜትር ይርቃል። ኳሷ የምታርፈው 5.5 + 60 = 65.5 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ መስመሩን በ13 ሜትር አልፋ ትወድቃለች።

በእውነተኛው ሜዳ ላይ አየሩ ስለሚይዛት ከ60 ሜትር ያነሰ ነው የምትሄደው። ሆኖም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ በዚሁ ፍጥነትና ዘዌ የተመታች ኳስ እዚህ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ትርቃለች።

ዘዌው ቢለወጥስ?

በረኛው በዚያው 25 m/s፣ ግን በ53° ቢመታ sin እና cos ቦታ ይለዋወጣሉ፦ v0x = 15፣ v0y = 20 ይሆናሉ። ከፍታው 400 / 20 = 20 ሜትር፣ ጊዜው 4 ሰከንድ፣ ርቀቱ 15 × 4 = 60 ሜትር። ርቀቱ አልተለወጠም! ድምራቸው 90° የሆነ ሁለት ዘዌዎች ምንጊዜም እኩል ርቀት ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ አንዷ ኳስ ከፍ ብላ አየር ላይ መቆየቷ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 45° ደግሞ ትልቁን ርቀት ይሰጣል፦ 625 / 10 = 62.5 ሜትር። ጋሊሊዮ ይህን ያሳየው በ1638 ባሳተመው ሥራው ነው።

ራሳችሁ ሞክሩ

በ37° የተመታችው ኳስ 10 ሜትር ከፍታ ላይ የምትሆነው መቼ መቼ ነው? በእነዚያ ጊዜያትስ ከበረኛው ስንት ሜትር ርቃለች? 15t − 5t² = 10 ብላችሁ ጀምሩ። t = 1 ሰከንድ ላይ 20 ሜትር፣ t = 2 ሰከንድ ላይ 40 ሜትር ካገኛችሁ ትክክል ናችሁ።