ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ቁጥሮች እንዴት ነው የሚሰሉት

ይሄን ገጽ ከዳሽቦርዱ ጎን ከፍታችሁ አስቀምጡት። ሰኞ ስብሰባ ላይ ኦፕሬሽን «1,240 ኦርደር» ሲል ፋይናንስ «1,118 ነው እንጂ» ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚያልቀው አንዳቸው ተሳስተው አይደለም፣ አንደኛው የገባውን ሁሉ ይቆጥራል ሌላኛው ደንበኛ እጅ የደረሰውን ብቻ። ከዚህ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ እያንዳንዱ ስም አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ኤክሴል ላይ የራሳችሁን ስሌት የምትሰሩ ልጆች ስሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን በናታችሁ ሌላ ስም ስጡት።

መጀመሪያ ቀኑን እንስማማ

ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰርቨሩ ሰዓቱን የሚመዘግበው በ`UTC` ነው፣ እኛ ደግሞ ከሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የታዘዘ ሽሮ ሰርቨሩ ጋ ገና ቅዳሜ ነው፣ ሳይቀየር ከተቆጠረ የቅዳሜ ሽያጭ ያብጣል የእሁድ ይጎድላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሁሉ ተቀይሮ ነው የሚወጣው፦

```
DATE(created_at AT TIME ZONE 'Africa/Addis_Ababa')
```

ቀናችን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀጣዩ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። «ቀን የሚጀምረው ጠዋት 12 ሰዓት ነው» የሚል ሀሳብ ቀርቦ ነበር፣ እውነት ነው እንደዛ ነው የምንቆጥረው፣ ግን ፋይናንስ ሂሳቡን የሚዘጋው ሌሊት 6 ላይ ስለሆነ ሁለት አይነት ቀን ይዘን መኖር አንችልም። የሰዓት ግራፉ ግን በኛ አቆጣጠር ነው፣ የምሳው ጫፍ 6 እና 8 ሰዓት መሀል ታዩታላችሁ። ዳታውን ዳውንሎድ ስታደርጉት ደግሞ ያው ሰዓት 12:00 እና 14:00 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እንዳትደነግጡ።

ኦርደር የሚቆጠረው በታዘዘበት ቀን ነው፣ በደረሰበት አይደለም። ሳምንት ከሰኞ እስከ እሁድ። ወር በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 እንደ በጀት ዓመቱ። ጳጉሜን ለብቻዋ ወር ብናደርጋት ግራፉ ገደል የገባ ስለሚመስል ነሐሴ ውስጥ ተደምራለች፣ ስለዚህ ነሐሴ 35 ወይ 36 ቀን ነው። ነሐሴን ከሐምሌ ጋር ስታነጻጽሩ ድምሩን ትታችሁ «በቀን አማካይ» የሚለውን እዩ።

ኦርደር

ደንበኛው እጅ የደረሰ፣ የቢሮ ሙከራ ያልሆነ። በቃ።

```
status = 'delivered' AND is_test = false
```

አንድ ሰው በአንዴ ከሁለት ምግብ ቤት ካዘዘ ሁለት ኦርደር ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሞተረኛ ነው የሚሄደው። ደንበኛ ላይ ግን አንድ ሰው ነው። የገባውን ሁሉ ማየት የሚፈልግ «የገቡ ኦርደሮች» የሚል ለብቻው ካርድ አለ፣ ኦፕሬሽን እሱን ይጠቀም።

የካንስል መጠን

```
canceled / (delivered + canceled)
```

90 ደርሶ 10 ካንስል ከተደረገ 10% ነው። 10ን ለ90 አካፍሎ 11.1% የሚል ሪፖርት ዞሮ ነበር፣ እሱ የካንስል መጠን አይደለም። ገና መንገድ ላይ ያሉት አካፋዩ ውስጥ ስለሌሉ የዛሬው ቁጥር እስከ ማታ ይዋዥቃል፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አይታችሁ ግሩፕ ላይ አትጩሁ።

ደንበኛው ባዘዘ በ2 ደቂቃ ውስጥ፣ ምግብ ቤቱ ሳይቀበለው ካጠፋው አይቆጠርም፣ ሀሳቡን ቀይሮ ነው ወይ ጣቱ ስቶት ነው ማንም አልተጎዳም። ቀሪው ማን ካንስል እንዳደረገው ለሶስት ይከፈላል፦ ደንበኛ፣ ምግብ ቤት፣ እኛ። ሞተረኛ ጠፍቶ ደንበኛው ጠብቆ ጠብቆ ራሱ ካጠፋው «እኛ» ላይ ነው የሚገባው፣ የነካው ጣት የደንበኛው ቢሆንም። ይሄን ኦፕሬሽን አልወደደውም፣ ግን እንደዛ ካልሆነ ጥፋታችን ሁሉ ደንበኛ ላይ ይደበቃል።

ሽያጭ እና ገቢ

ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ይሄ በተለይ ለማርኬቲንግ ነው። ሽያጭ ማለት የምግቡ ዋጋ ያለ ቫት፣ ኩፖን ሳይቀነስ፣ የማድረሻ ክፍያ ሳይጨመር። ገቢ ማለት ደግሞ ደንበኛው ከከፈለው ውስጥ ለኛ የሚቀረው። አንድ ኦርደር እንይ፦

ምግብ ከነቫቱ 920 ብር፣ ማድረሻ ከነቫቱ 115 ብር፣ ደንበኛው 50 ብር ኩፖን ተጠቀመ፣ ስለዚህ የከፈለው 985 ብር። ኮሚሽናችን 20% ነው።

```
sales   = 920 / 1.15                = 800
revenue = 800 * 0.20 + 115/1.15 - 50 = 210
```

ከ985ቱ ገቢያችን 210 ነው ማለት ነው። ለሞተረኛ የምንከፍለው ገና አልተነሳም፣ እሱ ወጪ ነው፣ ትርፍ የሚለው ገጽ ላይ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ገቢ አይታችሁ ትርፍ ነው ብላችሁ ለማንም እንዳትናገሩ።

ቫት ስታወጡ ለ1.15 ነው የምታካፍሉት። 15% ልቀንስ ብላችሁ በ0.85 ካበዛችሁ 920 የነበረው 782 ይሆናል፣ 18 ብር በየኦርደሩ ጠፋ ማለት ነው፣ በወር ሲደመር ደግሞ ቀላል አይደለም። ቫቱ የተሰላው 800 ላይ ነው እንጂ 920 ላይ አይደለም። ምግብ ቤቱ ራሱ ያወጣው ቅናሽ ከሆነ ከኛ ገቢ ላይ አይቀነስም፣ የሚቀነሰው ከኛ ኪስ የወጣው ኩፖን ብቻ ነው።

የማድረሻ ጊዜ

ደንበኛው «እዘዝ» ከነካበት ደቂቃ ሞተረኛው «ደርሷል» እስከነካበት። ለሌላ ሰዓት ተብለው ቀድመው የታዘዙት አይገቡም።

አማካይ አንጠቀምም፣ ለምን እንደሆነ አምስት ኦርደር ብቻ እዩ፦ 28፣ 31፣ 34፣ 38 እና 299 ደቂቃ። የመጨረሻው ሞተረኛው አድርሶ ስልኩ ባትሪ ዘግቶበት ማታ ቤቱ ገብቶ ነው የነካው። አማካዩ 86 ደቂቃ ይወጣል፣ ያን ያህል የጠበቀ አንድም ሰው የለም። በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሀል ያለውን ስትወስዱ 34 ነው፣ ትልቁ ቁጥር እሱ ነው፣ ካርዱ ላይ «መሀለኛ» ይላል።

ከስሩ በትንሹ የተጻፈው `P90` ደግሞ ከ100 ኦርደር 90ው በዚህ ጊዜ ውስጥ ወይም ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። ቅሬታ የሚመጣው ከቀሩት አስሮቹ ስለሆነ እኔ ብሆን መሀለኛውን ትቼ እሱን ነበር የማየው። ዝናብ ሲጥል መሀለኛው ብዙም ሳይነቃነቅ `P90` ብቻውን ይወጣል።

አክቲቭ ደንበኛ

ባለፉት 30 ቀናት ቢያንስ አንድ ኦርደር የደረሰው ሰው። አፑን ከፍቶ ምግብ አይቶ የወጣ አይቆጠርም። ሰውን የምንለየው በስልክ ቁጥር ነው፣ በ`09` የጻፈውም በ`+2519` የጻፈውም አንድ ተደርጎ ይጸዳል፣ በ`07` እና `+2517`ም እንደዛው። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ሲም ያለው ሰው በሁለቱም ካዘዘ ግን ሁለት ሰው ነው የሚሆነው፣ እሱን መለየት አንችልም፣ ቁጥሩ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ እንደሚል ይዛችሁ አንብቡት።

የአራት ሳምንት አክቲቭ ደምራችሁ የወሩን አታገኙም። በየሳምንቱ የሚያዝ ሰው አራቴ ይደመራላ።

ተመላሽ ደንበኛ

አንድ ወር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ካዘዙት ውስጥ በ30 ቀን ውስጥ ድጋሚ ያዘዙት በመቶኛ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከእያንዳንዱ ሰው የመጀመሪያ ኦርደር ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 30 ላይ የመጣው ሰው ኅዳር 30 ሳይደርስ አይታወቅም። ያልሞላ ወር ግራፉ ላይ በነጠብጣብ ነው የተሳለው፣ ሁልጊዜም የወረደ ይመስላል፣ «ደንበኛ እየሸሸን ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዛች ነጠብጣብ ነው።

ሞተረኛ እጅ ያለ ካሽ

ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሞተረኞች ተቀብለው ገና ያላስገቡት ብር። ቴሌብርና በባንክ የተላለፈው የለበትም። ይሄ የዛች ሰዓት ፎቶ ነው፣ የሰባት ቀኑን አትደምሩት፣ ሰኞ ያላስገባው 3,000 ብር ማክሰኞም ካላስገባው እዛው 3,000 ነው እንጂ 6,000 አይሆንም። የሳምንቱ ካርድ የእሁዱን ብቻ ያሳያል።

ዞን

የምግብ ቤቱ ቦታ ነው፣ የደንበኛው አይደለም። ከፒያሳ ተነስቶ አራት ኪሎ የደረሰ ኦርደር የፒያሳ ነው። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱት ምግብ ቤቶች ከተነሱበት ቀን ጀምሮ አዲሱ ሰፈራቸው ላይ ይቆጠራሉ፣ የድሮው ኦርደራቸው ግን የተሸጠበት ሰፈር ይቀራል። ስለዚህ የፒያሳ መስመር ሲወርድ ሰው ማዘዝ አቁሞ ላይሆን ይችላል፣ አጠገቡ ያለውን «ክፍት ምግብ ቤቶች» አብራችሁ እዩ።

አረንጓዴና ቀይ ቀስት

ያለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ጋር ነው የሚያወዳድረው፣ ከትናንት ጋር አይደለም። ረቡዕን ከማክሰኞ ጋር ብናወዳድር በየሳምንቱ ክትፎ ቤቶች ከሰሩ ይባላል፣ ጾም ነው እኮ። ሁዳዴ 55 ቀን ሲገባና ፋሲካ ሲፈታ ቀስቱ ለአንድ ሳምንት አያገለግልም፣ ያን ጊዜ ግራጫ እናደርገዋለን።

ከአምና ጋር ስታወዳድሩ ደግሞ ፋሲካ ቦታ ይቀይራል፦ በ2016 ሚያዝያ 27 ነበር፣ በ2017 ሚያዝያ 12። የሁለቱን ዓመት ሚያዝያ ጎን ለጎን ስታደርጉ አንዱ አብዛኛው ጾም ነው ሌላው ከግማሽ በላዩ ፍስክ። ለዚህ «ከፋሲካ ስንተኛ ቀን» የሚል ማጣሪያ ከላይ በቀኝ በኩል አለ። ረመዳንም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል፣ የምሳ ኦርደር ወደ አፍጥር ሰዓት ስለሚሸሽ የቀኑን ድምር እንጂ የሰዓቱን አታወዳድሩ።

የደንበኛ ኮከብ

የ30 ቀን አማካይ፣ ኮከብ የሰጡት ብቻ። ከ20 ሰው በታች የሰጠው ምግብ ቤት ሰረዝ ነው የሚታየው።

የተቀየረ ነገር

ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ የ2 ደቂቃው ካንስል ወጥቷል፣ የድሮውም በዚሁ ስሌት ተስተካክሏል፣ ስለዚህ ነሐሴ ላይ ፕሪንት ያደረጋችሁት ሪፖርት ከዳሽቦርዱ ጋር አይገጥምም። ትርጉም ይቀየር የሚል ሰው ለዳታ ቲም ይጻፍ፣ ፋይናንስና ኦፕሬሽን ሁለቱም እሺ ካሉ ከቀጣዩ ወር 1 ቀን ጀምሮ ይቀየራል፣ ወር መሀል ላይ አንነካም።