ሉዊስ ብሬል፦ የሕይወቱ ዋና ዋና ክንውኖች በጊዜ ቅደም ተከተል

ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ደሴ። የታሪክ ትምህርት አጋዥ ወረቀት

ሉዊስ ብሬል ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡትን፣ በስሙ ብሬል የሚባለውን ጽሕፈት የፈጠረ ፈረንሳዊ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትቀይሩ 7 ወይም 8 ቀንሱ። ስታነቡ የሰውየውን ዕድሜ ከራሳችሁ ዕድሜ ጋር እያስተያያችሁ ይሁን።

1809 ጥር 4 ቀን ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯ ከፓሪስ በስተምሥራቅ ናት። አባቱ ኮርቻ ሰፊ ነበር።

1812 የ3 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ቤት ቆዳ ሊበሳ ሲሞክር ወስፌው አንድ ዓይኑን ወጋው። ቤታችሁ ስፌት የሚሰፋ ካለ ወስፌ ምን ያህል ሹል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቁስሉ አመረቀዘና ሌላኛውም ዓይን ተያዘ። 5 ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ጠፍተዋል።

1819 ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ የነበሩት መጻሕፍት ጥቂት ናቸው። ተራው የላቲን ፊደል በትልቁ ጎልቶ የታተመባቸው፣ ለማንሳት የሚከብዱ ጥራዞች ነበሩ። ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ዞሮ እስኪለይ የአረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋበታል። መጻፍማ ጭራሽ የለም።

1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ መኮንን በጎበጡ ነጥቦች የሚነበብ ጽሕፈት ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ጣት ከመስመር ይልቅ ነጥብን ቶሎ ይለያል። ችግሩ አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ይይዛል፣ በአንድ የጣት ጫፍ አይሸፈንም። ደግሞም የሚወክለው ድምፅን እንጂ ፊደልን አይደለም። በዚህ ጽሕፈት የቃላትን ትክክለኛ አጻጻፍ መማር አይቻልም።

1824 እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሉዊስ 15 ዓመቱ ነው፤ ከናንተ ከብዙዎቻችሁ ያንሳል። 12ቱን ነጥብ ወደ 6 አወረደው፤ ሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ ሦስት ነጥብ። አሁን አንድ ምልክት በአንድ የጣት ጫፍ ይነበባል። ከ6 ነጥብ 63 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ። ፊደል፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ በዚያ ውስጥ ይካተታሉ። ጎበዝ ነው የምለው ግን ስለቀነሰ ብቻ አይደለም። የባርቢዬን ጽሕፈት ይጠቀም ስለነበር የቱ ጋ እንደሚያስቸግር በራሱ ጣት ያውቀዋል።

1829 ዘዴውን በመጽሐፍ አሳተመ። ለሙዚቃም የሚሆን አጻጻፍ ነበረው፤ ሉዊስ ራሱ ኦርጋን ተጫዋች ነው። በ1837 በወጣው ሁለተኛ እትም ከነጥቦቹ ጋር ተቀላቅለው የነበሩትን ሰረዞች አስወጣቸው።

1833 በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

1840ዎቹ አዲስ የመጣው ርዕሰ መምህር የብሬልን ጽሕፈት ከለከለ። ዓይነ ስውራን ከሚያዩ ሰዎች የተለየ ፊደል መጠቀም የለባቸውም የሚል አቋም ነበረው። ተማሪዎቹ ግን በድብቅ መጻፋቸውን አላቆሙም። በ1844 የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንጻ ሲመረቅ ዘዴው በእንግዶች ፊት ታየና ክልከላው ላላ።

1852 ጥር 6 ቀን በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። 43 ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ቀኑ ነበር።

1854 ፈረንሳይ ዘዴውን በይፋ ተቀበለች። እሱ አላየም።

1878 ፓሪስ የተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የዓይነ ስውራን ጽሕፈት እንዲሆን ብሬልን መረጠ።

1952 አጽሙ ታላላቅ ፈረንሳውያን ወደሚያርፉበት ፓንቴዎን ተዛወረ። የእጆቹ አጽም ግን እዚያው ኩቭሬ ቀረ።

2019 ጥር 4 የዓለም የብሬል ቀን ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ።

ወደ እኛ ስንመጣ። አማርኛም በብሬል ይጻፋል። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፣ ምልክቱ 63 ብቻ። ስለዚህ በብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ፤ «ሉ» መጀመሪያ የ«ል»፣ ቀጥሎ የ«ኡ» ምልክት ይሆናል። ደግሞ ደሴ መብራት ጠፍቶ እኛ መጽሐፋችንን ስንዘጋ የብሬል አንባቢ ምንም አይጎድልበትም።

የቤት ሥራ

1. የግራው ዓምድ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ የቀኙ 4፣ 5፣ 6 ነው። የላቲኑ ኤ ነጥብ 1 ብቻ ነው። ቢ 1 እና 2፣ ኤል ደግሞ 1፣ 2 እና 3። ሦስቱን በወፍራም ካርቶን ላይ ውጉ። የሚነበበው በጀርባው የጎበጠው ስለሆነ ስትወጉ ከቀኝ ወደ ግራ ሂዱ፣ ምልክቱንም ገልብጡት። ከቀኝ መጀመር ቁርአን ለቀራችሁ አዲስ አይደለም። ወስፌ ስትይዙ ተጠንቀቁ፤ ታናናሾቻችሁ አጠገብ አትተዉት።

2. ከ1824 እስከ 1854 ድረስ 30 ዓመት አለ። መዘግየቱ የማን ጥፋት ይመስላችኋል? ከሰንጠረዡ ቢያንስ ሁለት ዓመት እየጠቀሳችሁ በግማሽ ገጽ ጻፉ።

ካርቶኑንም ጽሑፉንም አርብ ጠዋት ለክፍል አለቃ ስጡ። ካርቶኖቹን ዓይናችንን ጨፍነን በጣት እናነባቸዋለን፤ ነጥቡን ጎላ አድርጋችሁ ውጉ።