በፈረቃ ኃላፊዬ ስለሚነገረኝ ወሲባዊ ንግግር የቀረበ አቤቱታ

ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ግልባጭ፦ ለሠራተኛ ማኅበሩ

እኔ በማሸጊያ ክፍል የምርት መዝጋቢ ነኝ። የጠዋት ፈረቃ ነው የምሠራው። አቤቱታዬ በዚሁ ፈረቃ ኃላፊ ላይ ነው። ይህ ደብዳቤ በብዙ እጅ ሊያልፍ ስለሚችል የእኔን፣ የእሳቸውንና የምስክሮቹን ስም በሌላ ወረቀት ጽፌ፣ በታሸገ ፖስታ አብሬ አስገብቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ኅዳር 16 ቀን ሰኞ በአካል ቢሮአችሁ መጥቼ ነበር። ያን ቀን አፌ አልፈታ አለኝና “አለቃዬ እያስቸገሩኝ ነው” ብቻ አልኩ። ያነጋገሩኝ ሠራተኛ የሥራ ጫና መስሏቸው “አለቃ መቼም ያስቸግራል፣ ትንሽ ታገሺ” ብለው ሸኙኝ። እሳቸው ላይ አልፈርድም። እኔ ነኝ ያልተናገርኩት። “ያስቸግሩኛል”፣ “ያልተገባ ነገር ይሉኛል” ካልኩ ማንም የፈለገውን ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ አሁን የተባልኩትን እንደተባልኩት እጽፋለሁ። መጻፉ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ቃሉ የእኔ አይደለም።

ጥቅምት 12 ቀን ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ ፈረቃ እየተረካከብን ነበር። እኔ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ የካርቶን ቁጥር እመዘግባለሁ። ኃላፊው መጥተው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና “ይሄ ሱሪ ሰውነትሽን አውጥቶታል፤ ዛሬ ሥራ የለም፣ አንቺን ሳይ ነው የምውለው” አሉኝ። ሚዛን ላይ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ሰምተዋል። አንደኛው ሳቀ። እኔ መልስ አልሰጠሁም። እጄ ተንቀጥቅጦ የጻፍኩትን ቁጥር ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ስርዙ በዚያ ቀን የምርት መዝገብ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ ስለ ሰውነቴና ስለ አረማመዴ ይናገሩኝ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሆነ በትክክል አልቆጠርኩም፤ ከሦስት ጊዜ ግን አያንስም። ቃላቱን አንድ በአንድ ስለማላስታውስ እዚህ አልጻፍኳቸውም።

ኅዳር 6 ቀን አርብ፣ 8 ሰዓት ላይ፣ የቀን ሪፖርት ላስፈርም ወደ ቢሮአቸው ገባሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ውስጥ ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ፈርመው ወረቀቱን ሳይሰጡኝ ያዙት። “የትርፍ ሰዓት ሥራ እንድታገኚ አደርጋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ሄደን አብረን እንደር” አሉኝ። እኔም “ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አልፈልግም። ሁለተኛ እንዳይሉኝ” አልኳቸው። ሳቁና “ቀልድ አታውቂም እንዴ?” ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። ይህን ንግግር እዚያው ቀን፣ ሰርቪስ እስኪመጣ፣ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። የገጹን ፎቶ ኮፒ አያይዣለሁ።

ከኅዳር 9 ጀምሮ ባለው ሳምንት የትርፍ ሰዓት ዝርዝር ላይ ስሜ አልነበረም። ካለፉት ሦስት ወራት ስሜ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው። እምቢ ስላልኩ ነው ብዬ መማል አልችልም። በዚያ ሳምንት ትእዛዝ ቀንሶም ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ግን እናንተ ዘንድ ስላለ እንድታዩት እጠይቃለሁ።

ኅዳር 13 ቀን አርብ፣ ቀኑን የማስታውሰው የኅዳር ሚካኤል ማግስት ስለነበር ነው፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በወጣው ሰርቪስ ከጎኔ ተቀመጡ። ሌላ ባዶ ወንበር ነበር። ቱሉ ዲምቱ አደባባይን እንዳለፍን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ማታ ብቻሽን ነው የምትተኚው? በዚህ ብርድ ማን ያሞቅሻል?” አሉኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ቀጥለው ሌላም ነገር አሉ፤ የመኪናው ድምፅ ስለዋጠው አልሰማሁትም፣ ስለዚህ ምን እንደሆነ አልገምትም። ከኋላዬ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ሰምታለች። ስንወርድ “ምን ብለው ነው የሚጠይቁሽ?” ብላኛለች። ምስክርነቷን ለመስጠት ፈቃደኛ ናት። ሰፈሬ ሳልደርስ ቃሊቲ ወርጄ ቀሪውን በታክሲ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰርቪስ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሳቸው የት እንደተቀመጡ ነው።

ኅዳር 18 ቀን ረቡዕ፣ ማታ 3 ሰዓት ከ40፣ በቴሌግራም “ፎቶሽን አይቼ እንቅልፍ አጣሁ” ብለው ጻፉልኝ። “ስለ ሥራ ካልሆነ እባክዎ አይጻፉልኝ” ብዬ መለስኩ። መልእክቱን አይተውታል፤ አልመለሱም። ስክሪንሾቱን አያይዣለሁ። ዋናው ስልኬ ላይ አለ፣ አላጠፋሁትም።

ያልሆነውንም ልጻፍ። ኃላፊው አልነኩኝም። መንገድ አልዘጉብኝም። ከሥራ አባርርሻለሁ ብለውኝ አያውቁም። በሥራ ጉዳይ ሰድበውኝም አያውቁም፤ እንዲያውም ስገባ ሥራውን በደንብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እነዚህን ብጨምር አቤቱታዬ ይከብድ ይሆናል፤ ግን ውሸት ይሆናል። የሆነው ብቻውን በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ካስቀመጥኳቸው ንግግሮች የኅዳር 6ቱን በዕለቱ ጽፌዋለሁ፣ የኅዳር 18ቱ በጽሑፍ አለ። የጥቅምት 12ቱና የኅዳር 13ቱ ከትዝታዬ ናቸው። አንድ ሁለት ቃል ሊለይ ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪም ሆነ የሥራ መሪ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ እንዳይፈጽም ይከለክላል። የኅዳር 6ቱ ንግግር እኔ እንደማነበው በቀጥታ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሌሎቹ በምን ስም እንደሚጠሩ እናንተ ወስኑ። በየትኛውም ስም ይጠሩ፣ እንዲቆሙ እፈልጋለሁ።

የምጠይቀው ይህ ነው። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ሪፖርቴን ሌላ ሰው ይፈርምልኝ፤ የትርፍ ሰዓት ዝርዝሩንም ሌላ ሰው ያውጣ። ምስክሮቹ እሳቸው በሌሉበት፣ ለየብቻ ይጠየቁ። ሁሉም በሥራቸው እንጀራ የሚበሉ ናቸውና በመናገራቸው እንዳይጎዱ። እሳቸውም ይጠየቁ፣ የራሳቸውን ይናገሩ። እኔን ወደ ሌሊት ፈረቃ ወይም ወደ ሌላ ክፍል በማዛወር ጉዳዩ እንዳይዘጋ አደራ እላለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ መልቀቅ አልፈልግም።

እስከ ታኅሣሥ 10 ድረስ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህንን ደብዳቤ የተቀበለው ሰው በግልባጬ ላይ ፈርሞ ቀኑን እንዲጽፍልኝ እፈልጋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፣ የማሸጊያ ክፍል የምርት መዝጋቢ

አባሪ፦ የደብተር ገጽ ፎቶ ኮፒ 1፣ የቴሌግራም ስክሪንሾት 1፣ የስም ዝርዝር የያዘ የታሸገ ፖስታ 1