ስለዚያ ክሬቲን ነገር

የኔ ጌታ፣ ትናንት ማታ በሩን ድርግም አድርገህ ስትገባ ተከትዬህ ልመጣ ነበር፣ ግን ሁለታችንም ስለተናደድን ተውኩት። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ይቅርታ። ጓደኛህ የሰጠህን የክሬቲን ዱቄት ሳይ «ስቴሮይድ ነው!» ብዬ የጮህኩት ተሳስቼ ነው። ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ክሬቲን ሰውነትህ ራሱ የሚሠራው፣ ከሥጋና ከዓሣም የሚገኝ ነገር ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ተከማችቶ ለአጭር ሩጫ ጉልበት ይሰጣል። የተከለከለ አበረታች መድኃኒትም አይደለም። እሺ፣ እዚህ ላይ አሸንፈኸኛል።

ግን አንተ ገና 15 ዓመትህ ነው። አብዛኛው ጥናት የተሠራው አዋቂዎች ላይ ነው፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ለታዳጊዎች አይመክረውም። ጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ክብደት ይጨምራል፣ አንተ ደግሞ ኳስ ሜዳ ላይ በክንፍ መስመር የምትሮጥ ልጅ ነህ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ጓደኛህ የሰጠህ ያ ጽሑፍ እንኳ የሌለው ፌስታል ነው። ነጭ ዱቄት! ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል?

ደሞ እውነቱን ልንገርህ። ቁርስ ሳትቀምስ ልምምድ ትሄዳለህ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ስልክህ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲያበራ አያለሁ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እግርህ የሚዝለው በዚህ ይመስለኛል (አሰልጣኝ አይደለሁም፣ አውቃለሁ)።

ቅዳሜ አብረን ሐኪም ጋ እንሂድና ራስህ ጠይቀው፣ እኔ ዝም እላለሁ። እስከዚያ ፌስታሏን እንዳትነካት። ምሳህ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ብላ።

እናትህ